አራት ጠርሙስ፣ ጠዋትና ማታ

(ባለፈው ቅዳሜ ማታ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ በሰፈራችን ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። አንዲት ልጅ በስልኳ ቀርጻው ነበር። ያልመጡት ስለጠየቁኝ ሳልነካካው እንደወረደ ለጠፍኩት።)

እንደምን አመሻችሁ! አሰላሙ አለይኩም! አካም ጅርቱ! ኢስካ ዋራን! ድሬ ላይ በአንድ ቋንቋ ብቻ ሰላምታ የሚሰጥ ሰው ግማሹን አዳራሽ እንዳስቀየመ ይቆጠራል።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ፋርማሲስት ነኝ። ለራስ ምታትም ለሆድ ቁርጠትም መጥታችሁ ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን ስለምሸጠው መድኃኒት አልናገርም። መድኃኒት ስለሌለው ነገር ነው የምናገረው። በሽታ ካለፈ በኋላ አፍንጫ ሽታ ሲጠፋበት ምን ይደረጋል? ይኸው ነው ርዕሴ። ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ፤ ምን እንደሚበላሽ፣ የማሽተት ልምምድ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሰው የት ላይ እንደሚያቆመው። ሦስተኛው ላይ እቆያለሁ። እዚያ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው፤ እኔም ልወድቅ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ከራሴ ልጀምር። ታኅሣሥ 2013 ኮቪድ ያዘኝ። ከባድ አልነበረም፤ አምስት ቀን ትኩሳት፣ ከዚያ ድካም። በስድስተኛው ቀን ሚስቴ ቡና ትቆላለች፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ጭሱ ዓይኔን አቃጠለው። እንባዬ ወረደ። አፍንጫዬ ግን ምንም! ባዶ! «ቡናው ገና አልተቆላም እንዴ?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ማንከሽከሻውን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ፍሬው ጠቁሯል።

ሻይ አፈላችልኝ፤ ሄልና ቅርንፉድ ያለበት፣ የለመድነው ሻይ። ጣፋጭ ሙቅ ውሃ ሆነብኝ። ስኳሩን ምላሴ ያውቀዋል። ጨው፣ ኮምጣጣ፣ መራራም ያውቃል። ሄሉን ግን ምላስ አያውቀውም። ሄልን የምናጣጥመው ስንውጥ ከጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ በሚወጣው ሽታ ነው። «ጣዕም ጠፋብኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የጠፋበት ሽታ ነው። ጨው ምላስህ ላይ አድርገህ ካወቅከው ምላስህ ደህና ነው።

አንደኛው ነጥብ፤ ምን ተበላሸ?

በሁለቱ ዓይኖቻችሁ መሀል፣ ከአፍንጫችሁ ጣሪያ ሥር፣ በግራም በቀኝም የቴምብር ያህል ስፋት ያላት ቆዳ አለች። ሽታ የሚይዙት ነርቮች ጫፋቸው እዚያ ነው ያለው። ከላያቸው እንደ ወንፊት የተበሳሳ አጥንት አለ፤ በቀዳዳዎቹ ሾልከው አንጎል ይገባሉ። ኮቪድ በዋናነት ነርቮቹን አይደለም የሚያጠቃው። በዙሪያቸው ሆነው የሚያበሏቸውንና የሚደግፏቸውን ሴሎች ነው የሚያጠቃው። ምሰሶው ሲወድቅ ጣሪያው ምን ይሆናል?

ብዙ ሰው በሁለት፣ በሦስት፣ በአራት ሳምንት ይመለስለታል። ደጋፊዎቹ ሴሎች ይታደሳሉ፣ እብጠቱ ይወርዳል፣ አለቀ። ነርቮቹ ራሳቸው የተጎዱበት ሰው ግን ከሥር አዲስ ነርቭ እስኪያድግ መጠበቅ አለበት። ደስ የሚለው፣ የሽታ ነርቭ ዕድሜ ልክ ራሱን ከሚተካው ጥቂት የነርቭ ዓይነት አንዱ ነው። የማያስደስተው ደግሞ፣ ይህ ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዴም አዲሱ ነርቭ መንገዱን ይስታል። ይህንን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ለኮቪድ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ተራ ጉንፋንም ያደርገዋል። ድሮም ነበር፤ ማንም አይቆጥረውም ነበር እንጂ።

ሁለተኛው ነጥብ፤ ልምምዱ።

እ.ኤ.አ. በ2009 ጀርመን፣ ድሬስደን ውስጥ፣ ፕሮፌሰር ቶማስ ሁመልና ባልደረቦቹ አንድ ቀላል ነገር ሞከሩ። ሽታ የጠፋባቸው 40 ሰዎች ጠዋትና ማታ አራት ሽታ ለ12 ሳምንት እንዲያሸቱ አደረጉ። ጽጌረዳ፣ ባህር ዛፍ፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድ። ሌሎች ደግሞ ምንም ሳያደርጉ ቆዩ። በአማካይ የማሽተት ችሎታቸው የተሻሻለው የተለማመዱት ናቸው። ሁሉም አልተሻሻሉም፤ ይህን አልደብቃችሁም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተደግሟል። በቫይረስ ምክንያት ለጠፋ ሽታ ሐኪሞች ዛሬም መጀመሪያ የሚያዝዙት ይህንኑ ነው።

አራቱን ስሰማ ሳቅሁ። ሦስቱ ቀፊራ ገበያ አሉ! ቅርንፉዱም፣ ሎሚውም፣ ጽጌረዳው ደግሞ የዘይት ሽቶ የሚሸጡት ዘንድ። ባህር ዛፍ ቅጠሉን ከዛፉ ነው የምትቆርጠው።

እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ባዶ የሽሮፕ ጠርሙስ፣ ያንን ቡናማውን፣ አራት ወሰድኩ። በፈላ ውሃ አጥቤ ፀሐይ ላይ አደረቅሁ። ቅርንፉዱን አሥር ፍሬ ያህል በትንሹ ሰበር ሰበር አድርጌ አንዱ ውስጥ። የሎሚ ልጣጭ አንዱ ውስጥ። ልብ በሉ፤ ልጣጩ እንጂ ጭማቂው አይደለም፤ ሽታው ያለው ልጣጩ ላይ ነው። ባህር ዛፉን ቅጠሉን አሽቼ። ለጽጌረዳው ጥጥ ላይ 15 ጠብታ ያህል ዘይት። ዘይቱን አፍንጫ ውስጥ የሚጨምር አለ፤ በጭራሽ! ያቃጥላል። ጥጡ ጠርሙስ ውስጥ ይቆያል፣ አፍንጫ ውጭ ይቆያል።

በድሬ ሙቀት ደግሞ ጀርመኖቹ ያላሰቡት ችግር አለ፤ ይተናል። ልጣጩን በየሁለት ቀኑ፣ ቅጠሉንና ቅርንፉዱን በየሳምንቱ ቀይሩ። ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ጨለማ ቦታ አስቀምጡ። ጠርሙሱ ደህና መሆኑን ደህና አፍንጫ ያለው የቤት ሰው ያረጋግጥላችሁ። አንድ ሰው ለሁለት ወር ያለቀ ጠርሙስ ሲያሸት ቆይቶ «አልሠራልኝም» ብሎኛል። እኔ ራሴ ከፍቼ አሸተትኩት፤ የሚሸት ነገር አልነበረውም።

አሁን ማሽተቱ። ጠርሙሱን ከአፍንጫ ሥር ትይዛለህ። በኃይል አትስብም። ድመት አዲስ ሳህን ስትመረምር አይታችኋል? እንደዚያ፤ አጭር አጭር፣ ቀስ ቀስ። 20 ሴኮንድ። ያን ጊዜ ስልክ አትነካም። «ቅርንፉድ፣ ቅርንፉድ» እያልክ የምታውቀውን ቅርንፉድ ታስባለህ፤ የእናትህን ሻይ፣ ያመመህን ጥርስ። ምንም ባይሸትህም ታስባለህ። ከዚያ 30 ሴኮንድ አረፍ ትላለህ። ቀጣዩ ጠርሙስ። አራቱ ሲያልቁ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ። በቃ። አፍንጫህ ከተደፈነ አስቀድመህ በጨው ውሃ እጠበው፤ ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን።

እና እኔ ጀመርኩ፤ የካቲት ላይ። ፋርማሲስት ነኝና ውጤቴን ልለካ አልኩ። ልጄን ዓይኔን በሻሽ አስራ ጠርሙሶቹን እያደባለቀች እንድትሰጠኝ አደረግሁ። እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ፤ በድምሩ 12። ስንት አገኘሁ? አምስት! ዘልዬ ተነሣሁ። ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር። «ተመለሰልኝ!» ብዬ ለሰው ሁሉ ደወልኩ።

ልጄ ወረቀቱን አየችና፣ «አባ፣ ሦስቱ ባህር ዛፍ ናቸው» አለችኝ።

ገባችሁ? ባህር ዛፍ ይቀዘቅዛል። ሽታው ባይደርስህም ቅዝቃዜው አፍንጫህ ውስጥ ይሰማሃል። ያንን የሚይዘው የሽታ ነርቭ አይደለም፤ የፊት የስሜት ነርቭ ነው፤ ሚጥሚጣ ሲያስነጥስህ፣ የቡና ጭስ ሲያስለቅስህ የሚሠራው እሱ ነው። «ቪክስ ይሸተኛል፣ ስለዚህ ደህና ነኝ» የሚል ሰው ራሱን ነው የሚያታልለው። ባህር ዛፉን ስናወጣ ከዘጠኝ ሁለት ነው ያገኘሁት። በሦስት ጠርሙስ መሀል እንዲሁ በጭፍን ብትገምት ሦስት ታገኛለህ። ከግምት በታች! አየር እያሸተትኩ ነበር የጨፈርኩት።

ስለዚህ ስትፈትኑ ባህር ዛፍን አትቁጠሩ። ፈተናውንም በየወሩ አድርጉት። በየቀኑ ራሱን የሚፈትን ሰው ያብዳል።

ሦስተኛው ነጥብ። እዚህ ላይ አዳምጡኝ።

ሚያዝያ ላይ፣ አራተኛው ወር መሆኑ ነው፣ አንድ ጠዋት ቤት ስገባ የተቃጠለ ጎማና የተደፈነ ቦይ አንድ ላይ ሸተተኝ። «ምን ተቃጠለ?» ብዬ ጓዳ ሮጥኩ። ቡና ነበር። ቡና! አራት ወር የናፈቅሁት ቡና። በረንዳ ወጥቼ አቅለሸለሸኝ።

ከዚያ ሽንኩርት። ነጭ ሽንኩርት። ጥብስ። የተጠበሰ እንቁላል። ሁሉም ያው ሽታ። እስቲ ሽንኩርት ሳይቁላላ የሚጀመር የኛ ቤት ወጥ አለ? ሚስቴ ድስት ስትጥድ እኔ ደጃፍ ላይ ነኝ። በሁለት ወር ስድስት ኪሎ ቀነስኩ።

ይህ ስም አለው፤ ፓሮስሚያ ይባላል። የሽታ መዛባት እንበለው። ከሕመሙ በኋላ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ወር አካባቢ ነው የሚጀምረው፤ እኔ ዘግየት ብሎብኛል። ሰው ጠርሙሶቹን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። «ልምምዱ አባሰብኝ» ይላል። ልክ ይመስላል፤ በፊት ምንም አልነበረም፣ አሁን ግማት አለ።

ምንድን ነው የሆነው? አዲሱ ነርቭ መንገዱን ይስታል ብዬ ያዙልኝ ያልኩት ይኸው ነው። የሰው አፍንጫ ወደ 400 ዓይነት የሽታ ተቀባይ አለው። የቡና ሽታ ብዙ ሽታዎች ተደባልቀው ነው የሚሠሩት። ነርቮቹ ገና በከፊል ሲበቅሉ ከዚያ ሁሉ የሚሰማህ ጥቂቱ ብቻ ነው። ሠርግ ቤት ሆነህ ዘፋኙም ክራሩም ጠፍቶ ከበሮው ብቻ ጆሮህ ላይ ቢደለቅ ማለት ነው። ዘፈኑ አልተበላሸም፤ የምትሰማው ቁራጩን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የእንግሊዙ ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቡናን ሽታ ነጣጥለው ሽታ ለተዛባባቸው ሰዎች እንዲያሸቱት ሲሰጡ፣ ብዙዎቹ «ይሄ ነው!» ያሉት አንድ ድኝ ያለበት ውሁድ ነው። ደህና አፍንጫ በጣም በትንሹ እንኳ የሚይዘው ነው። ቡናን፣ ሽንኩርትንና ጥብስን አንድ የሚያደርጋቸው እንዲህ ያሉት ድኝ ያለባቸው ነገሮች ናቸው።

እንግዲህ ብዙ ጊዜ ይህ ግማት ነርቭ እየበቀለ እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት ነው። ሁልጊዜ ነው አልልም። የሞተ አፍንጫ ግን ጎማ እንኳ አይሸተውም።

አሁን ስለ ጎረቤቴ ላውራ። ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን አልጠራም። ቡና አፍልታ የምትሸጥ ሴት ናት። አስቡት፤ ቡና ሻጭ ሆና ቡና የሚገማት! መጀመሪያ ሽታ ሲጠፋባት ወደ እኔ መጣች። እኔ ምን አደረግሁ? ዚንክና ቫይታሚን ሸጥኩላት። ለሽታ እንደሚሠራ የሚያሳምን ማስረጃ የለም። ያኔ ሁሉም ይገዛ ነበር፣ እኔም ሸጥኩ። ሌላ ቦታ ደግሞ አፍንጫ የሚከፍት ጠብታ ሰጥተዋት ሁለት ወር ሙሉ ተጠቀመችው። ያ ጠብታ ከአምስት፣ ከሰባት ቀን በላይ ከቆየ አፍንጫውን መልሶ ይደፍነዋል። ችግር ላይ ችግር።

ጠብታውን አስቆምኳት፣ ጠርሙሶቹን አዘጋጀሁላት። በአሥረኛው ሳምንት ቡናው ገማት። መጣችና፣ «አንተ፣ መድኃኒትህ ምን ሠራልኝ? አፍንጫዬን ሽንት ቤት አደረግከው እኮ!» አለችኝ። (የአዲስ አበባ እንግዶች አትደንግጡ፤ ድሬ ላይ «አንተ» ንቀት አይደለም፤ አያቴንም «አንተ» ነበር የምለው።)

ጠርሙሶቹን ጥላ ሦስት ወር ተወችው። እኔ ቀጠልኩ። እኔ የጠነከርኩ ሰው ሆኜ አይደለም፤ ልጄ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፋው ስለነበር አፍሬ ነው።

በዚያ ጊዜ ምን ይደረጋል? የሚገማውን በግድ አታሽቱ። «እለምደዋለሁ» ብሎ ቡና ላይ አፍንጫውን የሚደፋ አለ፤ ያቅለሸልሸዋል እንጂ አያስለምደውም። ለልምምድ የማይገሙትን ምረጡ። ምግቡን ቀዝቀዝ አድርጋችሁ ብሉ፤ ሙቅ ነገር ሽታው ይበረታል። የተጠበሰውን ተዉት። እኔን ያቆየኝ ሩዝ በእርጎ፣ ዱባ ቅቅልና ሐብሐብ ነው። ክብደታችሁን መዝኑ። መቀነሱ ካላቆመ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

12ቱ ሳምንት ሲያልቅ ፈተናዬ ከዘጠኝ አራት ሆነ። ከግምት አንድ ብቻ ነው የሚበልጠው! ይኼኔ ነው ብዙ ሰው «በቃ» የሚለው። ግን እ.ኤ.አ. በ2015 የቱርክ ሐኪሞች ያሳተሙት አለ፤ በየ12 ሳምንቱ ሽታዎቹን እየቀየሩ እስከ 36 ሳምንት የሄዱት የተሻለ ውጤት አገኙ። እኔም ቀየርኩ። ጦስኝ፣ ብርቱካን ልጣጭ፣ ኮረሪማ፣ የጃስሚን ዘይት። ፈተናውን ግን ሁሌም በመጀመሪያዎቹ አራት ነው ያደረግሁት፤ አለዚያ ማወዳደር አይቻልም። በነሐሴ ስድስት። በጥቅምት 2014 ከዘጠኝ ስምንት።

የሳትኩት ጽጌረዳን ነው። ጽጌረዳ ዛሬም ሩቅ ነው።

ያለ ልምምድም ይመለስ ነበር ወይ? ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ሳይለማመድም በዓመት ውስጥ ይሻሻላል፤ የእኔ ስንቱ ከጠርሙሱ ስንቱ ከጊዜው እንደሆነ ማንም ለይቶ ሊነግረኝ አይችልም። ልምምዱ ዕድሉን ከፍ ያደርጋል፤ ዋስትና አይሰጥም። ዋስትና የሚሰጣችሁ ሰው ካለ የሚሸጠው ነገር አለው ማለት ነው።

ጠርሙስ የማይበቃቸውም አሉ። ራሱን ተመትቶ ሽታ የጠፋበት፣ በአንድ አፍንጫ ብቻ የጠፋበት፣ ደም የሚፈሰው፣ ወይ ሳይታመም ቀስ በቀስ እየጠፋበት የሄደ ትልቅ ሰው፤ እነዚህ አስቀድመው የአንገት በላይ ሐኪም ይያቸው። አቧራችን በአለርጂ የደፈነው አፍንጫም መጀመሪያ አለርጂው ይታከም። ደግሞ ዕጣን እያጨሱ «እየተለማመድኩ ነው» የሚሉ አሉ፤ ጭስ ቁስል ያለበትን አፍንጫ ይቆጣዋል፣ አስም ላለው ደግሞ ጭራሽ አይሆንም።

አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ልጨርስ፤ ቡታጋዝ። ጋዙ ውስጥ የሚገማ ነገር የሚጨምሩት መፍሰሱን እንድናውቅ ነው። እኔ አላወቅሁም። አንድ ማታ ጎረቤት በር ደብድቦ፣ «ጋዝ ክፍት ነው!» አለኝ። ምድጃው አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ክብሪት ልፈልግ። ሽታ የሌለው ሰው ያለበት ቤት ሲሊንደሩን ሁልጊዜ ከራሱ ይዝጋ። መገጣጠሚያውን የሳሙና አረፋ ቀቡት፤ አረፋው ከተነፋ ይፈሳል። ወተትና ሥጋ ላይ ደግሞ ቀን ጻፉበት።

ጎረቤቴስ? ነሐሴ ላይ እንደገና ጀመረች። ቡናው አሁን አይገማትም፤ ግን የድሮው ቡናም አይደለም፤ «ካርቶን ካርቶን ይላል» ትላለች። ሻይ ጠጪ ሆናለች። ቡናውን የምትቆላው ልጇ ናት፤ እሷ ድምፁን እያዳመጠች «አሁን አውርጂው» ትላለች። እስካሁን አልተሳሳተችም። ከኋላ ተቀምጣ እየሳቀችብኝ ነው፤ ማን እንደሆነች አልነግራችሁም።

ጥያቄ ያለው በኋላ ይጠይቀኝ። ጠርሙሶቹ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ ዛሬ ጠዋት ነው የሞላኋቸው። ልጄ ሻሹን ይዛለች። እየመጣችሁ ዓይናችሁን ታሰሩና ሞክሩ፤ እሷ ትመዘግባለች። ባህር ዛፍን ብቻ አውቆ የሚጨፍር ካለ ግን ወደ ቦታው እንመልሰዋለን።